የሀብተ ማርያም ጉልበትና ዘጠናው ግራም

ሰገደ! ያውም ወንበር ሳይፈልግ፣ ብብቱን ማንም ሳይደግፈው!

ማን አትሉም? ሀብተ ማርያም ነዋ፤ ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ሃያ ዓመት ተቀምጦ የሰው አቤቱታ የጻፈ፣ ባለጉዳይ ሲመጣ ቦርጩ ቀድሞት የሚቀበል ሰው።

ዓምና በስቅለት ጉልበቱ እምቢ ብሎት፣ ከባልቴቶች መሃል ወንበር ላይ ተቀምጦ አንገቱን ሲነቀንቅ ዋለ። አንዷ እናት "አይዞህ ልጄ፣ እርጅና ነው" አሉት። ገና ሃምሳ አራቱ ነው! ያቺ ቃል ከጉልበቱ ይበልጥ አመመችው። ሐኪሙም ክብደት ቀንስ ብሎት ስለነበር፣ ዘንድሮ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ሰንጋ ተራ ጂም ወዳላት ወደ ጊፍቲ ሄደ። ዘጠና ስምንት ኪሎ መዘነ።

ጊፍቲ ፕሮቴስታንት ናትና መጀመሪያ እንቁላል አለችው። ፊቱን ስታይ ተወችው። ዘይትና ዳቦ ይቀንሱ፣ ግን በቀን ዘጠና ግራም ፕሮቲን ያግኙ፤ አለዚያ ከስቡ ጋር ጉልበትዎን የያዘው የጭን ጡንቻም ይሄዳል አለችው። ኦቾሎኒም ፕሮቲን አለው ስትል፣ የቀረውን ሳይሰማ ተነሳ።

ኦቾሎኒ እንደሆነ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ሞልቷል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾሙን ከፈታ በኋላ እስኪመሽ ሲሶ ኪሎ ያህል ይቆረጥማል። በሁለት ሳምንቱ መቶ ኪሎ ሞላ።

"ፕሮቲኑ ደርሷል" አለች ጊፍቲ ሚዛኑን እያየች፣ "ግን የኦቾሎኒ ግማሹ ዘይት ነው፤ የዘይት ጀሪካን እየጠጡ ነው የሰነበቱት።"

አዲስ ወረቀት ሰጠችው፦ ሰማንያ ግራም ደረቅ የአኩሪ አተር ቁርጥራጭ፣ መቶ ግራም ምስር፣ ሽሮ፣ አንድ እንጀራ፣ ጎመን እንደ ልብ፤ ዘይት በቀን አንድ ማንኪያ። ከዚያ ወንበር ላይ መቀመጥና መነሳት፣ እጅ ሳይደገፉ።

ባለቤቱ ቦሰና በጭልፋ ነው ዘይት የምታፈሰው። ማንኪያውን ሲሰጣት፣ በዚህ ሽንኩርት ነው የምጠብሰው ወይስ ቅባ ቅዱስ ልቀባው አለችው። አኩሪ አተሩ በበርበሬ በስሎ ቁርጥ የሥጋ ጥብስ ሲመስል ደግሞ ጎረቤት እንዳያይ በሩን ዘጋች። ቀምሳ ግን ድስቱን አጋመሰችው፤ በማግስቱ ለሁለት ሰው መዘነች።

ስድስት ሳምንት! ዘጠና አራት ኪሎ!

ትናንት ስቅለት ነበር። ከጠዋት ሰገደ። ማታ ቄሱ ወይራውን ይዘው፣ በጾሙ ምን አጠፋህ አሉት።

"አባ፣ ምግቤን በሚዛን እየለካሁ በላሁ።"

"እንዳይበዛብህ ብለህ?"

"እንዳያንስብኝ ብዬ።"

ቄሱ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረጉትና አርባ ስግደት ጨመሩለት። አርባውንም ሰገደ! እኚያ የዓምናዋ እናት ወንበራቸው ላይ ሆነው ሲቆጥሩለት ነበር።

ይልቅ አብነት ሰፈር ጎማ የሚለጥፈው ፉፋ፣ "የሀብተ ማርያም ቦርጭ ከስቅለት በፊት ከቀነሰ ጢሜን እላጫለሁ" ብሎ ነበር። እስካሁን አልሰማም፤ ሱቁን ሳይዘጋ ልድረስበት።