ስሟን ስጠራት ያልዞረች ልጄ

ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ነው ፍርሃቱ የገባብኝ። እኔ ቦንጋ ቢሮ እሠራለሁ። ባለቤቴ ቢታ ገነት ስለሚያስተምር የሚመጣው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ከሥራ ስገባ ስልኬን ካርቱን ከፍቼ እሰጣታለሁ፤ እራት ሠርቼ፣ ልብስ አጥቤ እስክጨርስ ድምጿ አይሰማም። ጎረቤቶቼም ጨዋ ልጅ ናት ይሉኛል።

አንድ ቀን ከኋላዋ ቆሜ ጠራኋት። አልዞረችም። አጨበጨብኩ፤ አሁንም ዝም። ስልኩን ስወስድባት እንኳ ያየችው እጄን እንጂ ፊቴን አልነበረም። ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት፤ የጎረቤቴ ልጅ እኩያዋ ሆኖ ውሃ ሲጠይቅ፣ የኔ ልጅ እጄን ይዛ ወደ ጀሪካኑ ከመጎተት በቀር ቃል የላትም። አትሰማም ማለት ነው አልኩ ለራሴ።

በማግስቱ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሟ ከጀርባዋ ሆና የክኒን ብልቃጥ ቀስ ብላ ስታንቀጫቅል ልጄ ዘወር አለች። ለማረጋገጥ በመሣሪያም እንድትታይ አዘዘችልን፤ ጆሮዋ ደህና ሆኖ ተገኘ። እኔ ግን የባሰ ፈራሁ። የምትሰማ ከሆነ ለምን አትመልስልኝም?

ሐኪሟ ስለ ስልኩ ጠየቀችኝ። በዚህ ዕድሜ ከሩቅ ቤተሰብ ጋር በቪዲዮ ከመነጋገር በቀር ስክሪን ባይኖር እንደሚመረጥ፣ ሁለት ዓመት ካለፋትም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ነገረችኝ።

«ይሄን ያመጣው ስልኩ ነው?» አልኳት።

«እሱን ማለት አልችልም» አለች። «ብዙ ስክሪን የሚያዩ ልጆች አፋቸውን ለመፍታት ሲዘገዩ በጥናት ታይቷል፤ ምክንያቱ እሱ ብቻ መሆኑ ግን አልተረጋገጠም። ሌላ ችግርም ሊሆን ስለሚችል እንከታተላታለን። እስከዚያ አጫውቻት። ተናገሪና ዝም ብለሽ ጠብቂያት፤ ተራ ስጫት።»

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ክፉ ነበሩ። ስልኩን ስደብቅ መሬት ላይ ተንፈራፍራ እስክትዝል ታለቅሳለች። እኔም አብሬ አለቅስ ነበር። ሳፋ ላይ ውሃ ሞልቼ ኩባያና ክዳን ሰጠኋት፤ ሽንኩርት ስልጥ አጠገቤ አስቀምጬ ልጣጩን አስይዛት ጀመር። ማታ ማታ ነጠላ ተከናንቤ «ኩኩሉ» እላለሁ፤ እጠብቃለሁ፤ መልስ ስታጣ «አልነጋም» እላለሁ ራሴ። ከነጠላው ሥር ሆኜ ትንፋሿን እያዳመጥኩ፣ ዕድሜ ልኳን ዝም ብትልስ እያልኩ።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ምሽት «ኩኩሉ» ብዬ ስጠብቅ ነጠላው ተጎተተ። ፊቷን ወደ ፊቴ አስጠግታ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች «አጋም» አለች።

ለባለቤቴ ደውዬ እያለቀስኩ «አጋም አለች» አልኩት። «ልጄ ምን ሆነች?» ብሎ ደነገጠ።

በቀጠሮዋ ቀን ሐኪሟ ለውጡን ወደደችው። ገና ስለሆነ ግን ሦስት ዓመት እስኪሞላት እየመጣን እንድትታይ ነገረችኝ። አሁን ቃላቷ በርክተዋል። ቀጠሮው ሲቃረብ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።