አንድ የሰጠኝ ማን ነው?

እኔ ስናደድ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ያን ሰሞን ግን አፌን ዘግቼ ሰው ሳጠና ከረምኩ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ልደታ አካባቢ ባለ ማሰልጠኛ የንድፍ ሥራ እንማር ነበር። የጌጃ ሰፈርን የውሃ ቦኖ ለክተን ፕላን እንድናወጣ ሦስት ሆነን ተመደብን፦ እኔ፣ የልብ ጓደኛዬና የቀበሌው ወጣት ማህበር ጸሐፊ የሆነ ልጅ። ጸሐፊው ማስታወሻ ደብተሩን ከእጁ አያወጣም፤ ሜትሩን ስዘረጋ ይጽፋል፣ ስናወራ ይጽፋል። በዚያ ዘመን የሚጽፍን ሰው ማን ያምናል?

መምህራችን ደግሞ የመመዘኛ ቅጽ አደሉን። በቀበሌ ሂስ ሲያንገሸግሸን በወረቀት መጣ እንግዲህ! እያንዳንዳችን ሁለቱን አጋሮቻችንን በመገኘት፣ ሥራ በመካፈል፣ በጥራትና በመተባበር ከአንድ እስከ አራት እንመዝናለን። አንድ ማለት ድርሻውን ያልሠራ ነው። የሁለቱ ነጥብ አማካይ ዝቅ ካለ፣ ከቡድኑ ማርክ ላይ ለዚያ ሰው ይቀነስበታል። አዲስ አበባ የሚቀረው ደግሞ ማርኩ የበለጠው አንድ ተመራቂ ብቻ ነው፤ ሌላው ክፍለ ሀገር ይመደባል። እናቴ አልጋ ላይ ናት፤ ከእኔ ሌላ ሰው የላትም።

ለሙከራ ተብሎ አጋማሽ ላይ የተሞላውን ውጤት መምህሩ ስም ሸፍነው አሳዩኝ። «ሥራ መካፈል» ከሚለው ሥር አንዱ አራት፣ ሌላው አንድ ሰጥቶኛል። አንድ! ግማሹን ፕላን ብቻዬን የሳልኩት እኔ! ደሜ ፈላ። ለጓደኛዬ ነገርኳት፤ ከጸሐፊው ሌላ ማን ይሆናል አለችኝ። እኔም ከዚያ ወዲያ ከሱ ሌላ አልጠረጠርኩም።

ማርክ በሚያዝበት በመጨረሻው ቅጽ ላይ ለጸሐፊው በአራቱም አንድ አንድ አከናነብኩት። ለምን እንደሆነ ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም።

መምህሩ በማግስቱ ቢሮ አስጠሩኝ።

«አንድ ስትሰጪ ቀኑንና ያልሠራውን ሥራ መጻፍ አለብሽ። መቼ ቀረ?»

አልቀረም። አንድም ቀን አልቀረም።

ቅጹን መልሰው ሰጡኝና በእውነት ሙዪው አሉኝ። ለእኔም አሁንም ያለ ምክንያት አንድ የሰጠኝ ሰው እንዳለ፣ እሱም ነገ ተጠርቶ ማስረጃ ካላቀረበ ነጥቡ እንደሚሰረዝ ነገሩኝ። ከዚያ አንድ ወረቀት ገፋ አደረጉልኝ። የጸሐፊው እጅ ጽሑፍ ነው። እኔ የለካሁበትና የሳልኩበት ቀን ሁሉ ከደብተሩ ተገልብጦ ተዘርዝሯል፤ ከሥሩ አራት፣ አራት፣ አራት፣ አራት ይላል።

ሦስት ነን። ሌላ ሰው የለም።

ጓደኛዬ በር ላይ ጠበቀችኝ። ክንዴን ይዛ ወደ ሜክሲኮ ስንወርድ ምን አሉሽ አለችኝ። አፈርኩ፣ ተናደድኩም።

«ነገ አንቺን ይጠሩሻል፤ እኔ የቀረሁበትን ቀን ካሁኑ አስቢ» አልኳት።

ክንዷን ከክንዴ አወጣች። አልካደችም፤ አላለቀሰችም።

«አንቺስ ለሱ ስንት ሰጠሽው?» አለችኝ።