የአሥረኛው ሳምንት ክለሳ

የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ የመጀመሪያውን ወሰነ ትምህርት ዕቅድ ሳወጣ ከእኔ በላይ አዋቂ ያለ አልመሰለኝም። አሥራ ስምንት ሳምንት፣ አምስት ምዕራፍ። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ሦስት ሦስት ሳምንት ሰጠሁ። ከተረፉት ሦስት ሳምንታት አንዱን ከምዕራፍ ሦስት ቀጥሎ ለክለሳ፣ አንዱን ከምዕራፍ አምስት በኋላ እንደገና ለክለሳ፣ የመጨረሻውን ለማጠቃለያ ፈተና አዋልኩ። የአጋማሹ ፈተና ከመጀመሪያው ክለሳ በኋላ ባለው ሰኞ ነው።

የመጀመሪያው ክለሳ ኅዳር ላይ ዋለ። የፎገራ ልጅ ነኝ፤ ኅዳር ሩዝ እንደሚታጨድ አሳምሬ አውቃለሁ። ደስ ያለኝም ለዚሁ ነበር። የገጠሩ ልጅ አጨዳ ቢውል አዲስ ትምህርት አያመልጠውም አልኩ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ፣ ገደሉን ሳታይ።

መስከረም የፎገራ ሜዳ በውኃ ተይዞ ነበርና ከቁሐር ሚካኤል ገጠር የምትመላለስ አንዲት ተማሪዬ ወረታ ከተማ ትምህርት ቤታችን የደረሰችው ምዕራፍ አንድ ካለቀ በኋላ ነው። አባቷ የአጋማሹን ፈተና ካለፈች ከተማ ቤት ሊከራዩላት፣ ካላለፈች ግን ትምህርቱ እንዲቀር ወስነዋል። ይህን አንገቷን ደፍታ ነገረችኝ።

«አይዞሽ፣ አሥረኛው ሳምንት ላይ ከሥር ጀምሬ እከልስልሻለሁ» አልኳት። ሳምንቱንም በቀይ እስክሪብቶ ደብተሯ ሽፋን ላይ ጻፍኩላት።

አሥረኛው ሳምንት ደረሰ። ሩዙም ደረሰ። ክፍሉ ገሚሱ ባዶ ነው፤ የእሷም ቦታ እንደዚያው። ፊቴ የተቀመጡት ምዕራፍ አንድን በጊዜው የተማሩት የነጋዴና የባጃጅ ነጂ ልጆች ነበሩ። የሚያውቁትን እየደገምኩላቸው አዛጉ። ክለሳውን ያሰብኩት ላመለጣቸው ነበር፤ መስከረም ያመለጣቸው ደግሞ ኅዳርም ያመለጣቸው እነዚያው ናቸው። በራሴ አፈርኩ።

ፈተናው በአንድ ሳምንት እንዲገፋልኝ ምክትል ርዕሰ መምህሩን ለመንኳቸው። ፈተናው ለሁሉም ክፍል በአንድ ቀን እንደሚሰጥ፣ ወረቀቱም ተባዝቶ እንዳለቀ ነገሩኝ። ከዚያ ዕቅዱን ከፋይል አውጥተው ፊቴ አስቀመጡት።

«የራስህ ዕቅድ አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

ሰኞ ልጅቷ ለፈተናው መጣች። ጣቶቿን ማጭድ ቆራርጧቸዋል። ከመግባቷ በፊት በር ላይ ጠበቀችኝ።

«መምህር፣ ሌላ ክለሳ የለም?»

የሚቀጥለው ክለሳ በጥር ወር፣ ምዕራፍ አራትና አምስት ላይ መሆኑን ነገርኳት። ገብታ ተቀመጠች። የፈተናው የመጀመሪያ ክፍል ከምዕራፍ አንድ የወጣ ነበር፤ እሱን ባዶ ትታ ከሁለተኛው ጀመረች። ወረቀቷን ሦስት ጊዜ አረምኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ወደቀች። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።

በወሩ መጨረሻ ዕቅዱ ላይ አፈጻጸም ይሞላል። በአሥረኛው ሳምንት ትይዩ፣ አስተያየት በሚለው ዓምድ ውስጥ፣ «ክለሳው በዕቅዱ መሠረት ተከናውኗል» ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነበር።