ሦስት ሰዓት ከአርባ

ለተኪዳን ስትናደድ አትጮህም፤ እስክሪብቶ ታነሳለች። ገዳሪፍ ውስጥ በአንድ የሰሊጥ ማበጠሪያ አብረን ስንሠራ ይህን ጠባይዋን ለመልመድ ጊዜ ወስዶብኛል። ሑመራ ሳለች ነርስ ነበረች። ጦርነቱ ልብሷን እንኳ ሳታነሳ ድንበር አሻግሮ ካምፕ ጣላት፤ ከካምፕ ወጥታ እኛ ዘንድ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑንና የአደጋ መዝገቡን ተረከበች። ከእሷ በፊት መዝገቡን የገለጠ ሰው አልነበረም። ሰው ሲጎዳ «ማዕሌሽ፣ ምንም አይደል» ይባልና ሥራው ይቀጥላል። እሷ ግን ጭረቱንም ትጽፋለች፦ መቼ፣ የት፣ ማን አየ፣ ምን ተደረገለት፣ ምን አመጣው። «ይቺ ሴት ትንኝ ቢነክሰን ምስክር ትጠራለች» እያልኩ አሾፍባት ነበር።

እኔ ጋረደው የማሽኑ ሠራተኛ ነኝ፤ ታናናሾቼ አክብረው «አያ ጋረደው» ይሉኛል። ከቋራ ከመጣሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ስለሷ ላወራ ተነስቼ የራሴን ጉድ ብደብቅ ነውር ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ልናገር። ሰሊጡን ወደ ላይ የሚያወጣው ማሽን በሚያሽከረክረው ቀበቶ፣ በቺንጋው ላይ፣ የብረት ክዳን ነበረው። ማሽኑ በታፈነ ቁጥር ክዳኑን ፈትቶ መግጠም ጊዜ ይፈጃል። አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሌላው ሠራተኛ ሳይገባ፣ ኃላፊያችን ሁዜይፋ «ጋረደው፣ አንሳውና እንገላገል» አለኝ። ፈታሁት፤ ከጆንያው ጀርባም አስቀመጥኩት። ልክ እንዳልሆነ እያወቅሁ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ሙኡዝ ቺንጋው ሥር የፈሰሰውን ሰሊጥ ሲጠርግ ጓንቱ ተያዘ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ከካምፕ የመጣ፣ ሰው አክባሪ ልጅ። ዘልዬ ማብሪያ ማጥፊያውን መታሁት፤ ማሽኑ ሲቆም የቀኝ እጁ አንድ ጣት ከመሃሉ ተቆርጧል፣ ሌላው ተጨፍልቋል።

አንዱ ቡና ዱቄት ይዞ ሮጠ፤ ቁስል ላይ ሊነሰንስ። ለተኪዳን በክርኗ ገፋችውና ጓንት አጥልቃ ጎዙን ቁስሉ ላይ ጫነች። ልጁን አስቀምጣ እጁን ከደረቱ በላይ አስያዘችኝ። እጁ ሳያብጥ ቀለበቱን ከደህናው ጣት አወለቀች። የተቆረጠውን ጣት በረጠበ ንጹህ ጎዝ ጠቅልላ በላስቲክ ቋጠረችና ላስቲኩን ከሻይ ሻጯ በመጣ በረዶ ላይ አደረገች። «ሥጋው በረዶ እንዳይነካ!» እያለች ራክሻ በሚሉት ባጃጅ ይዛው ወጣች። ደሙ ቆመ፤ ጣቱን ግን መልሶ መቀጠል አልተቻለም።

ሪፖርቱን እዚያው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጣ በአማርኛ ጻፈችው። ወደ ዐረብኛ የምትገለብጠው ዩስራ ናት፤ ወላጆቿ ከኛ አገር የመጡ፣ እሷ ግን ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች። የምትሠራው ገበያው አጠገብ ባለው መክተብ፣ በድርጅቱ ቢሮ፣ ስለሆነ አደጋውን አላየችም። የተጻፈውን እንዳለ ገለበጠች።

በማግሥቱ ሁዜይፋ ወረቀቱን ይዞ፣ ዩስራን አስከትሎ ማበጠሪያው መጣ። ፊቱ ላይ እፎይታ አየሁበት፤ ጠላሁት።

«እዩት» አለ። «አደጋው የደረሰው ሦስት ሰዓት ከአርባ ነው ይላል። እኛ ደግሞ ሥራ የምንጨርሰው ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ልጁ ከሥራ ሰዓት ውጭ ማሽን ነካ ማለት ነው። የሥራ ላይ ጉዳት አይደለም፤ ኻላስ፣ አለቀ።»

ለተኪዳን ወረቀቱን ተቀበለችው። ፊቷ አመድ ሆነ። የጻፈችው በኛ አቆጣጠር ነው፤ በሱዳን ሰዓት ጠዋት ዘጠኝ ከአርባ መሆኑ ነው። ከጎኑም «ጠዋት» የምትል ቃል አላኖረችም። ጭረት እንኳ የማያመልጣት ሴት ይህ አመለጣት። ወረቀቱ በዚህ መልክ የመንግሥት ሥራ ቢሮ ከገባ ሙኡዝ ሕክምናውም ሥራውም ይቀርበታል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች።

«የኔም ነው» አለች ዩስራ፣ ዕንባዋ እየመጣ። «እናቴ እኮ ቤት ውስጥ የምትቆጥረው እንዲሁ ነው። ዋላሂ፣ እንዴት ረሳሁት!» ወረቀቱን ልትቀድ እጇን ሰደደች።

«አትቅደጂው!» ለተኪዳን ያዘቻት። የተሳሳተው ቁጥር እንዲነበብ አድርጋ በአንድ መስመር ሰረዘችው፤ ጎኑ ላይ «ጠዋት 9፡40 በሱዳን ሰዓት፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብላ ቀን ጻፈችና ፈረመች። ሆስፒታሉ ሙኡዝን በዚያው በሱዳን ሰዓት ጠዋት አሥር ከሩብ እንደተቀበለው የሚያሳየውን ካርድም አያያዘች። ከዚያ ምስክር ጠየቀች።

ሰሊጥ ለቃሚዋ ባሕሪያ ቀረበች። «ከፈጡር በፊት ነው፤ ገና ቁርስ አልበላንም» አለች። «ግን ፊቴን ወደ ወንፊቱ አዙሬ ነበር። ጩኸት ሰማሁ እንጂ ሲያዝ አላየሁም።» ለተኪዳን ይህንኑ ጻፈች፤ አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም።

ሁዜይፋ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሺ፣ ሰዓቱን አርሙ። ምክንያቱ ላይ ግን የልጁ ግዴለሽነት ብለሽ ጻፊ። ትልቁ አለቃ፣ ሙዲሩ፣ እኔንም ያባርረኛል፤ እኔም ልጆች አሉኝ።»

አዘንኩለት፤ የሱ ፍርሃት የኔም ነበርና።

«ግዴለሽነት አላየሁም» አለች። «ያየሁት ቺንጋው ክዳን እንደሌለው ነው። ክዳኑን ከጆንያው ጀርባ አግኝቼዋለሁ። አያ ጋረደው፣ ማን ፈታው?»

ሁዜይፋ ዓይኑን ተከለብኝ። ከሱ በቀር ማንም አላየኝም፤ «አላውቅም» ማለት ይበቃኝ ነበር። ቤቴ፣ ልጆቼ፣ በዚህ ዕድሜ ሥራ ፍለጋ መዞሩ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ደግሞ የተሰረዘውን ቁጥርና ከጎኑ ያለውን ፊርማዋን አየሁ። አፈርኩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እሑድ ጠዋት። ሁዜይፋ አዞኝ።»

ቀና ብላ አላየችኝም። «ስንት ቡሎን ነበረው?»

«ስድስት።»

ጻፈች። ሁዜይፋ በሩን ወርውሮ ወጣ። እኔ ፈረምኩ።

የቀረው የተጎጂው ስምምነት ነበርና ሆስፒታል ሄድን። ሙኡዝ ገና ሲያየኝ ፈገግ አለና ከጎኑ ላለው በሽተኛ «አያ ጋረደው ማለት ይሄ ነው። እሱ ባያጠፋው እጄ በሙሉ ይሄድ ነበር» አለው። ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። ለተኪዳን ሪፖርቱን በትግርኛ ታነብለት ጀመር። ሰዓቱን፣ ጎዙን፣ በረዶውን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል። ምክንያቱ ላይ ስትደርስ ስሜን ጠራች።

ሙኡዝ ወደኔ ዞረ። «አንተ?»

«እኔ» አልኩ። «ይቅር በለኝ» ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩትም።

ዓይኑን ከኔ ላይ አንስቶ ወደታሰረው እጁ መለሰ። በመጨረሻ ለተኪዳን «የተጻፈውን ትቀበላለህ?» አለችው። ቀኝ እጁ በፋሻ ስለታሰረ የግራ አውራ ጣቱን ዘረጋ። የቀለሙን ሳጥን የያዝኩለት እኔ ነበርኩ።

ቢሮው ጉዳቱን በሥራ ላይ የደረሰ ብሎ መዘገበው። ሙኡዝ ታከመ፤ ሲመለስም ሚዛን ቤት ቀላል ሥራ ተሰጠው። እኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ ሁዜይፋ ተዛወረ። ለተኪዳን አሁንም ትጽፋለች፤ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር።

ሙኡዝ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል። «ጋረደው፣ እንዴት አደርክ?» ይለኛል። አያ አይለኝም።