ከሁዳዴ በፊት የነበረው ወር

ይታይሽ ፍቅረ ሥላሴን የሚያውቋት ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ «እሺ» የምትለው ቃል ከአፏ የምትወጣው አንገቷን ታንቃ ነው። ዲማ ላይ የንስሐ አባት ከሆኑት ከቄስ ፍቅረ ሥላሴ ቤት ተወልዳ፣ አባቷ አድርጊ ያሏትን ሁሉ «ለምን?» እያለች አደገች። እናቷ «ይቺ ልጅ ምላሷ ያስራታል» ይሉ ነበር። አላሰራትም፤ አስተማራት እንጂ። ጤና መኮንን ሆነችና አምበር ጤና ጣቢያ ስድስት ዓመት ሠራች፤ ከዚያ የሁለት ዓመት የትምህርት ፈቃድ አግኝታ ማስተርሷን ልትማር ደብረ ማርቆስ ገባች።

የመመረቂያ ጽሑፏን ርዕስ የሰጣት አምበር ላይ ያየችው አንድ ልጅ ነው። ለእረፍት የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ሳሉ አላስተኛው ብሎ መጣ። «ታጨሳለህ?» አለችው። «ኧረ በማርያም! እኔ?» አለ። ጣቶቹ ግን ጫፋቸው ቢጫ ነው። ለካ እናቱ አጠገቡ ተቀምጠዋል! ይታይሽ ያን ዕለት የተናደደችው በልጁ አይደለም። በራሷ ነው። እናቱን ሳታስወጣ ጠይቃ ምን ልትሰማ ኖሯል?

እናም ርዕሷን «በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል ሲጋራ የሚያጨሱት ስንት ናቸው?» አለችው። አማካሪዋ ዶክተር መሳፍንት ርዕሱን ወደዱት። መውደዳቸው ምክንያት ነበረው፤ ከአራት ዓመት በፊት እሳቸውም ይህንኑ አጥንተው ከመቶ አንድ ነጥብ ሦስት ብቻ ናቸው ብለው ነበር። ያቺ ቁጥር ከዚያ ወዲህ ብዙ ሥራ ሠርታለች። ማጨስ ማቆም የሚፈልግ ተማሪ የሚማከርበት አንድ ክፍል ይከፈት ተብሎ በተጠየቀ ቁጥር «ለአንድ ነጥብ ሦስት?» እየተባለ ሐሳቡ ይዘጋል።

«ያንኑ ትደግሚዋለሽ» አሏት። «ናሙናሽ አራት መቶ ሃያ ሦስት። መጠይቁን ለክፍል ተወካዮች ትሰጫለሽ፣ ሰብስበው ያመጡልሻል። ሁለት ሳምንት አይፈጅም፤ በሰኔ ትመረቂያለሽ።»

አራት መቶ ሃያ ሦስት! በአገራችን የጤና ጥናት ውስጥ ያለፈ ሰው ይህን ቁጥር እንደ አባታችን ሆይ ይደግመዋል። ቀመሩ ውስጥ ግማሽ በግማሽ ብለህ፣ ግራ ቀኝ የሚፈቀደውን ስህተት አምስት አድርገህ፣ መልስ ለማይሰጡት አሥር በመቶ ስትጨምር የሚወጣው እሱ ነው። ይታይሽ ግን እንዲህ አሰበች፤ አጫሾቹ ከመቶ አሥር ገደማ ቢሆኑ፣ የአምስት ስህተት ማለት ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ማለት አይደል? ይህ ምን መልስ ነው! ስህተቱን ወደ ሁለት ተኩል አውርዳ አሰላችው። አምስት መቶ ሃምሳ አራት ወጣ፤ ከጭማሪው ጋር ስድስት መቶ አሥር።

ከዚያ የቀድሞው ጥናት እንዴት እንደተሠራ ልታጣራ ተነሳች። አብሯት የሚማረው የሺዋስ ያኔ የክፍል ተወካይ ነበር። ጠየቀችው፤ ሳቀባት።

«እኔ እኮ ነኝ የሰበሰብኩት! ወረቀቱ አናት ላይ የመታወቂያ ቁጥር ይጻፋል። አንብቤ ነው የምቀበላቸው። ማን ነው ለእኔ ሰጥቶኝ 'አጨሳለሁ' የሚል?»

«ክፍል ያልመጡትስ?»

«ያልመጣ ምን ይሞላል? የመጣው ሞላ።»

«አጫሹ ከግቢው የኋላ በር ውጭ ቆሞ እያጨሰ፣ የተቆጠረው ውስጥ ያለው ነዋ!» አለች። «መቼ ነበር የሰበሰባችሁት?»

የሺዋስ አሰብ አደረገ። «የሆሣዕና ሰሞን። ትዝ ይለኛል፣ በማግስቱ ለፋሲካ አገር ቤት ገባን።»

ይታይሽ የያዘችውን እስክሪብቶ አስቀመጠች። መጠይቁ የሚለው «ባለፉት ሠላሳ ቀናት ሲጋራ አጭሰሃል?» ነው። የሆሣዕና ሰሞን ወደ ኋላ ሠላሳ ቀን ሲቆጠር፣ ሁሉም ቀን የሁዳዴ ቀን ነው! በዚህ አገር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሲያጨስ የከረመ ልጅ ሁዳዴ ሲገባ መጠጡንም ሲጋራውንም የሚተው ስንት አለ። በትንሣኤ ማግስት ተመልሶ ይለኩሰዋል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ይህን የቄስ ልጅ ቀርቶ ማንም ማርቆስ ያደገ ያውቃል። ሁሉም ያውቃል፣ መጠይቁ ላይ ሲደርስ ግን ማንም አላሰበውም!

አባቷ ጋ ደወለች። «አባዬ፣ የሰውን ኃጢአት እንዴት ነው የሚያወጡት?»

«እኔ ምን አወጣዋለሁ፣ ራሱ ነው የሚያወጣው» አሉ ቄስ ፍቅረ ሥላሴ። «'ሠርተሃል ወይ?' ካልኩት 'አልሠራሁም' ይላል። 'መጨረሻ ጊዜ መቼ ነበር?' ካልኩት ያስባል። ካሰበ ይናገራል።»

«ስሙንስ ይጽፋሉ?»

«አብደሻል እንዴ! መዝገብ ይዞ የሚቀመጥ ንስሐ አባት የት አየሽ? ማንም አይመጣልኝም ነበር።» ከዚያም ጨመሩ፤ «እናትሽ ለሰኔ ምርቃትሽ በግ እያደለበች ነው፤ ቀኑን ንገሪን።»

ቀኑ! ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው የታነቀው። ከሁዳዴም ከሰኔ ጾምም ነጻ የሆኑ ሠላሳ ቀናትን ለመጠየቅ፣ ከፋሲካ በኋላ ሠላሳ ቀን መጠበቅ አለባት። ከሁዳዴ በፊት የነበረውን ወር ዛሬ ልጠይቅ ብትል፣ ያን ያህል ወደ ኋላ በልኩ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። በጰራቅሊጦስ ማግስት የሰኔ ጾም ይገባል። በመካከል ያላት ሃያ ቀን ብቻ ነው። ጽሑፉ የሚገባው ደግሞ በግንቦት አጋማሽ። አይደርስም። የትምህርት ፈቃዷ በሰኔ ያልቃል፤ ካልተመረቀች ያለ ወረቀት አምበር ትመለሳለች፣ ጽሑፏን በገምጋሚዎች ፊት ለመከላከልም ሌላ ዓመት ትጠብቃለች።

ለዶክተር መሳፍንት ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «የእኔ ጥናት ስህተት ነው እያልሽኝ ነው?»

«አዎ» አለች። በቃ፣ አዎ! ለማለስለስ እንኳ አልሞከረችም።

«ወይ በእኔ መንገድ በሰኔ ትመረቂያለሽ፣ ወይ ሌላ አማካሪ ትፈልጊያለሽ። ፕሮፖዛልሽን ለገምጋሚዎቹ ስታቀርቢ እናያለን።»

ግምገማው የዋለው ሁዳዴ ስድስተኛ ሳምንቱን ሲይዝ ነው። አምስት ገምጋሚዎች ተቀመጡ፤ ሰብሳቢዋ ዶክተር ሔዋን፣ ከአምስቱ አንዱ ራሳቸው ዶክተር መሳፍንት። ይታይሽ ንድፏን ዘረዘረች። ስም ዝርዝሩ ከሬጅስትራር ይመጣል፤ ተማሪው በኮሌጅና በዓመት ይከፈላል፤ ከየክፍሉ በብዛቱ ልክ ኮምፒውተር ዕጣ ያወጣል። ዕጣ የወጣለት ከታጣ ዶርሙ ወይም የተከራየበት ቤት ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ ይፈለጋል። ካልተገኘ ያልተገኘ ተብሎ ይጻፋል እንጂ፣ በአጠገብ ያለፈው አይተካም።

«ተወካዮቹ በሁለት ሳምንት የሚጨርሱትን!» አሉ ዶክተር መሳፍንት። «ተማሪዎቻችን ይዋሻሉ ነው የምትዪው?»

«አይ ዶክተር። የምንጠይቅበት መንገድ ነው የሚያዋሻቸው። ከፈቀዱልኝ እዚሁ ላሳያችሁ። መሙላት የማይፈልግ ባዶውን ይመልስ።»

ሁለት ዓይነት ወረቀት አደለች። የመጀመሪያው አናቱ ላይ የስም ቦታ አለው፤ ጥያቄው «ሲጋራ ያጨሳሉ?» የሚል ነው። ሞልተው ለዶክተር መሳፍንት በእጅ ሰጡ። አምስቱም «አላጨስም»።

«ይኸው!» አሉ ዶክተር መሳፍንት።

«ቆዩ ዶክተር፣ አንድ ይቀራል።»

ሁለተኛው ስም የለውም። ለሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ እስክሪብቶ ሰጠቻቸው፤ የሚጻፍ የለም፣ ምልክት ብቻ ነው። «ሲጋራ ለመጨረሻ ጊዜ ያጨሱት መቼ ነው?» ይላል። በፍጹም አጭሼ አላውቅም፤ ባለፉት ሠላሳ ቀናት፤ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት በነበረው ወር፤ ከዚያ ቀደም። ይታይሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አጣጥፈው፣ አናቱ በተሰነጠቀ የወረቀት ካርቶን ውስጥ ከተቱ። እሷ ካርቶኑን ነቅንቃ ከፈተችና አንድ በአንድ አነበበች።

«በፍጹም። ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት በነበረው ወር። በፍጹም። በፍጹም።» አምስተኛውን ዘረጋች። «ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት በነበረው ወር።»

ወይ ጉድ! አምስት ሰው ጠረጴዛውን ያያል፤ አንዳቸውም ጎረቤታቸውን ቀና ብለው አላዩም።

«አምስት ሰው ማስረጃ አይሆንም» አለች ይታይሽ። ፈርታለች፤ ግን አልተወችም። «የትኛውንም ቁጥር አያረጋግጥም። ግን ነገሩ በየት በኩል እንደሚያፈስ ያሳያል። ማንም አልዋሸ ይሆናል፤ ጾም ላይ ያለ ሰው 'አላጨስም' ቢል እውነቱን ነው። እኛ ነን በጾም ወር ጠይቀን የዓመቱ ነው ብለን የተቀበልነው። ስም ጽፈን ተቀብለን ደግሞ ባህሪ ለካን ያልነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ እኛ ግን በሽተኛውን እያስደበቅን ያለነው ራሳችን ነን!»

ወረቀቶቹን እዚያው ፊታቸው ቀዳደደቻቸው።

ዶክተር ሔዋን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ንድፉ ይሁን። ስድስት መቶ አሥር፣ በሣጥን፣ ከፋሲካ ሠላሳ ቀን በኋላ። ግን ልጄ፣ ታውቂዋለሽ አይደል? ሰኔ አይደርስልሽም።»

«አውቃለሁ።»

«ትምህርት ፈቃድሽም ያበቃል።»

«ያብቃ! የሐሰት ቁጥር ይዤ ጋውን ከምለብስ፣ እውነተኛውን ይዤ አምበር ቁስል ላሽግ። ሥራ እየሠራሁም ቢሆን ለከርሞ መጥቼ እከላከለዋለሁ።»

ፈረሙላት። ዶክተር መሳፍንት መጨረሻ ላይ ፈረሙ፤ «ሌላ አማካሪ ፈልጊ» ያሉትን ግን ደግመው አላነሱትም።

ኮሪደር ላይ ለአባቷ ደወለች። «አባዬ፣ በጉ ይክረም። በሰኔ አልመረቅም።» ቄስ ፍቅረ ሥላሴ ለምን ብለው አልጠየቁም። «ይክረም» አሉ፤ «ለከርሞ ይደልባል።» ስልኩን ስትዘጋ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ ቀላል ነው ብላም ራሷን አላታለለችም።

ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች። ዶክተር መሳፍንት ናቸው፤ የፈረሙበትን ወረቀት ይዘው መጡ። ሰጧት፤ አልሄዱም። ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አዩ።

«ይታይሽ» አሉ ዝግ ብለው፣ «ከእነዚያ ሁለት ወረቀቶች አንደኛው…»

እጇን አንስታ አስቆመቻቸው። ይህችን ልጅ ዲማ ላይ ያሳደጓት አባት ቢያዩዋት ኖሮ ይኮሩ ነበር።

«እንዳይነግሩኝ ዶክተር» አለች። «ስም አልጠየቅሁም።»