የቀላው የዓለም ጤና ሥራ

አዳማ በሚገኝ የመስኖ ፕሮጀክት ቢሮ ስሠራ የየሳይቱን ሥራ በኤክሴል የምከታተለው እኔ ነበርኩ። ሠንጠረዡን ሳዘጋጅ አንድ ደንብ ሰጥቼው ነበር፤ የማብቂያ ቀኑ ከዛሬ በፊት ከሆነና ሁኔታው «ተጠናቋል» ካልተባለ፣ ረድፉ በራሱ ይቀላል። ቦታ ላለመፍጀት ቀኖቹ የሚታዩት ያለ ዓመት ነበር።

በኅዳር መጨረሻ ስብሰባ ላይ ሠንጠረዡን በፕሮጀክተር ስከፍት፣ የዓለም ጤና ከተማ ሳይት ያልተጠናቀቁ ሥራዎች ከአንዱ በቀር ሁሉም ቀይ ሆነው ወጡ። የሳይቱ ኃላፊ ጡረታ የተቃረቡ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን።

ሥራ አስኪያጁ፣ «ይሄ ሁሉ ዘግይቷል ማለት ነው?» አላቸው።

«አልዘገየም» አሉ። ፊታቸው ግን ተለዋወጠ።

ለሻይ ስንወጣ ተከትያቸው ሄድኩ። «ጋሼ፣ ተቀየሙኝ?»

«አይደለም ልጄ። በደርግ ጊዜ በመንግሥት እርሻ ስሠራ፣ ኮታ ያላሟላ ሰው ስሙ በቀይ ተጽፎ ይለጠፍ ነበር። ከዚያም በስብሰባ ተነስቶ ይጠየቃል። አሁን እዚያ የቆምኩ መሰለኝ።»

ተመልሼ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩና ከቀሉት ቀኖች አንዱን ጠቅ አደረግኩ። ዓመቱ ወጣ። ጋሼ ቀኖቹን የሞሉት በእኛ አቆጣጠር ነበር፤ ታኅሣሥ 15ን 15/4 ብለው ዓመቱን ጨምረዋል። ኤክሴል ደግሞ ከሰባት ዓመት በፊት ያለፈ ኤፕሪል አድርጎ ወስዶታል።

ያልቀላችው ረድፍ የፓምፕ ተከላ ነበረች። የእሷ ቀን ብቻ ከእነ ዓመቱ በግራ በኩል ተጠግቶ ተጽፏል፤ 30/2 ይላል። ጥቅምት 30 ማለታቸው ነው። ፌብሩዋሪ ሠላሳ ስለሌለው ኤክሴል እንደ ተራ ጽሑፍ ቆጥሮታል፤ ጽሑፍ ደግሞ ከየትኛውም ቀን እንደሚበልጥ አድርጎ ስለሚወስደው ደንቡ መቼም አይነካውም።

ጋሼን ጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኳቸውና አንድ በአንድ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀየርን። ቀዩ እየለቀቀ ሄደ። የፓምፑን ኖቬምበር 9 ስናደርገው ግን ረድፉ ወዲያው ቀላ።

ደንገጥ ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ሳቁ።

«ይኼኛው እንኳን እውነቱን ነው። ፓምፑ ከመጣ ቆይቷል፤ የመብራት መስመሩ ነው ያልገባልን። ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ፣ የመለሰልኝ የለም።»

«ለምን በስብሰባው አልተናገሩም?»

«ያ ሁሉ ቀልቶ እያለ ማን ይሰማኛል?»

ሰው ከሻይ ሲመለስ ሠንጠረዡን እንደገና አሳየሁና የሆነውን አስረዳሁ። ሥራ አስኪያጁ ይቅርታ ጠየቃቸው፤ ስለ መስመሩ ራሱ እዚያው ስልክ መታ። መብራቱ ገብቶ ፓምፑ የተነሳው ጥር ላይ ነው። እኔም ዓመቱ እንዲታይ አደረግኩ፤ ከዚያ ወዲህ ጋሼ ቀኖቻቸውን በስልክ ይነግሩኛል፣ የምሞላው እኔ ነኝ።