በአጎቴ ስም የወጣው ሲም

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ አሁንም እጠራጠራለሁ። ስልክ ጠፋ፣ አካውንት ተቆለፈ፣ ተከፈተ፤ ቡራዩ ታክሲ ሰልፍ ላይ በየቀኑ የሚሰማ ወሬ ነው።

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ወር ስልኬ ታክሲ ውስጥ ተሰረቀ። ጠንቃቃ ስለሆንኩ ኢሜይሌ ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ በአጭር መልእክት የሚላክ ኮድ እንዲጠይቅ አድርጌው ነበር። ስልኩ ቢጠፋ የሚያገለግሉትን የመጠባበቂያ ኮዶችም አትሜ፣ የታክሲ ብሬን በማስቀምጥበት በስልኩ ሽፋን ውስጥ አጥፌ ከትቻቸው ነበር። አብረው ሄዱ።

አካውንቱ ውስጥ አባቴ በታመመባቸው ወራት የቀዳሁት ድምፁ አለ። ሌላ ቅጂ የለኝም።

መፍትሔው በድሮው ቁጥር ምትክ ሲም ማውጣት ነበር። ሲሙ ግን በአጎቴ ስም ነው፤ ሲገዛ እኔ መታወቂያ አልነበረኝም። አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ሱሉልታ ይኖራሉ። በአባቴ አርባ ላይ፣ በዘመድ ፊት፣ «አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁትም» ብያቸው ነበር።

ሦስት ሳምንት ለመንኳቸው። በመጨረሻ መታወቂያቸውን ይዘው ሱሉልታ ወዳለው የቴሌ ሱቅ መጡ።

«ኦቦ፣ ሲሙን ለልጅቷ ልስጣት?» አለች ሠራተኛዋ።

«በማን ስም ነው? ለእኔ ስጪኝ።»

ሲሙን ራሳቸው ስልክ ውስጥ ከተቱት። እኔ በጓደኛዬ ስልክ የይለፍ ቃሌን አስገባሁ። የእሳቸው ስልክ ጮኸ።

«አራት፣ ዜሮ፣ ሰባት…» ብለው ዝም አሉ።

«ይቀጥሉልኝ፣ አጎቴ።»

«አንቺ ምላስ አለሽ አይደል? ቀሪውን ራስሽ ጨርሺው።»

ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሳቁ።

«እባክዎ፣ ኮዱ ጊዜው ያልፋል።»

«ይለፋ! በአርባው ያልሽው ውሸት ነበር በይ። ሰዉም ይስማ።»

«ልጄ፣ በይና ተገላገይ፤ እኛም ተራችን ይድረሰን» አሉ አንዲት እናት ከኋላዬ።

«ውሸት ነበር» አልኩ።

«አልሰማሁም።»

«ውሸት ነበር። በየቀኑ ይጠይቁት ነበር።»

የመጀመሪያው ኮድ ጊዜው አልፎበት ስለነበር ሌላ አስላክሁ። ስድስቱንም ቁጥር በቀስታ አነበቡልኝ፤ ትከሻዬንም መታ መታ አደረጉት። «አየሽ? እውነት መናገር እንዲህ ቀላል ነው።» ሲሙን ይዘው ሄዱ።

እዚያው አግዳሚ ላይ ከአካውንቱ የድሮውን ቁጥር ሰርዤ በስሜ ያወጣሁትን አዲስ ቁጥር አስገባሁ፤ አዲስ የመጠባበቂያ ኮዶችም አውጥቼ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩ። ከዚያ የመጀመሪያውን ቅጂ ከፈትኩት። አባቴ ያስላል። «ወንድሜ መጣ?» ይላል። «ነገ ይመጣሉ» የምለው እኔ ነኝ። በሁለተኛውም ይጠይቃል፤ በሦስተኛውም። በመጨረሻው ቅጂ ላይ አይጠይቅም።

በቴሌ ሱቁ ይህ የሆነው ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።